የዘገየ የደመወዝ ጭማሪ ውዝፍ እንዴት ይሰላል?

ውዝፍ የደመወዝ ጭማሪ ማለት ጭማሪው ይጸናል ከተባለበት ቀን ጀምሮ በአዲሱ ደመወዝ መከፈል እስኪጀመር ድረስ ሠራተኛው ሳይደርሰው የቀረው ልዩነት ነው። በግል ድርጅቶች በብዛት የሚፈጠረው የኅብረት ስምምነት ድርድር ሲጓተት ነው። የቀድሞው ስምምነት ሰኔ ላይ ያበቃል፣ ማኅበሩና አሠሪው በመቶኛው ላይ ሳይስማሙ ወራት ያልፋሉ፣ በመጨረሻ ኅዳር ላይ ሲፈራረሙ «ጭማሪው ከሐምሌ 1 ጀምሮ የጸና ይሆናል» የሚል አንቀጽ ይገባል። የሥራ ደረጃ ምደባ ጥናት ሲዘገይ፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ ውሳኔ ሲቆይ ወይም የዕድገት ደብዳቤ ከጊዜው አልፎ ሲደርስም ውጤቱ ያው ነው።

ብዙ ሠራተኛ ይህን ገንዘብ በቀላል ማባዛት ይገምተዋል። የጭማሪውን መጠን ወስዶ በወራቱ ቁጥር ያባዛል፣ ያገኘውንም ቁጥር በእጁ እንደሚገባ ገንዘብ ይጠብቃል። የሚደርሰው ግን ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ቅናሹ ከፊሉ ተገቢ ነው፤ ግብርና የጡረታ መዋጮ የግድ ይነሣል። ከፊሉ ግን የአሠራር ስሕተት ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው እያንዳንዱን ያለፈ ወር ለየብቻው እንደገና በመሥራት ነው። ለእያንዳንዱ ወር መከፈል የነበረበት ደመወዝ ከነተቀናሹ ይሠራል፣ ያኔ የተከፈለው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ልዩነቱ ይወሰዳል። የሁሉም ወራት ልዩነት ሲደመር ውዝፉ ይገኛል።

ሒሳቡ ከመጀመሩ በፊት የሚነበበው ጭማሪውን የፈቀደው ሰነድ ነው። የኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር በሕግ የሚጸናው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ድርድሩ አምስት ወር መፍጀቱ ብቻውን የአምስት ወር ውዝፍ አያስገኝም፤ ወደ ኋላ ሄዶ የሚጸናበት ቀን በግልጽ መጻፍ አለበት። በጠረጴዛ ዙሪያ «ከሐምሌ ጀምሮ ነው» ተባብሎ በወረቀት ላይ ቀኑ ሳይሰፍር የቀረ ስምምነት ለኋላ ክርክር በር ይከፍታል። የማኅበር ተወካዮች መቶኛውን በጥንቃቄ ተደራድረው ይህን አንድ መስመር ሲዘነጉ ማየት ያሳዝናል፤ ለሠራተኛው የብዙ ወር ገንዘብ የምታስገኘው ወይም የምታስቀረው እሷ ናትና።

ከቀኑ ቀጥሎ ጭማሪው በምን ላይ እንደሚሰላ ይታያል። «የ25 በመቶ ጭማሪ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። የትራንስፖርት ወይም የቤት አበል በቁርጥ ብር የሚከፈል ከሆነ በጭማሪው አይነካም፤ ከደመወዝ በመቶኛ የሚሰላ አበል ግን አብሮ ያድጋል። የትኛው ደመወዝ እንደ መነሻ ይወሰዳል የሚለውም ጥያቄ ነው። ሠራተኛው በመሀል መስከረም ላይ የ400 ብር የእርከን ዕድገት አግኝቶ ከሆነ፣ 25 በመቶው የሚሰላው በሰኔ ደመወዙ ላይ ነው ወይስ እርከኑ በተጨመረበት ላይ? በሁለቱ መካከል ከመስከረም ወዲህ በወር የ100 ብር ልዩነት አለ። መልሱ ያለው በሰነዱ ቃል ነው፤ ቃሉ ግልጽ ካልሆነ ሒሳብ ሠራተኛው በራሱ ግምት ከመወሰን ይልቅ ፈራሚዎቹን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻላል።

ወራቱን መቁጠርም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጭማሪው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጸንቶ አዲሱ ደመወዝ ከኅዳር 2018 ጀምሮ መከፈል ከጀመረ፣ ውዝፍ ያለባቸው ወራት ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረምና ጥቅምት ናቸው፤ አራት ወር ማለት ነው። ጳጉሜን በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ ራሱን የቻለ የክፍያ ወር ሆኖ አይቆጠርም። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ግን በጳጉሜን የሠራባቸው ቀናት ተቆጥረው የቀን ክፍያው ልዩነት ይታሰብለታል። ጭማሪው በወር አጋማሽ የሚጸና ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ወር በቀናት ይከፈላል። ለምሳሌ ከሐምሌ 11 ጀምሮ ቢሆን ለሐምሌ የሚታሰበው የ30 ቀን ሳይሆን የ20 ቀን ልዩነት ነው።

አሁን ሒሳቡን በአንድ ምሳሌ መከታተል ይቻላል። በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት የምትሠራ ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዟ 8,400 ብር ነበር እንበል። በ25 በመቶ ጭማሪው 10,500 ብር ሆነ። የወር ልዩነቱ 2,100 ብር ነው። ጭማሪው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጸንቷል፣ አዲሱ ደመወዝ የተጀመረው በኅዳር ነው። ሐምሌና ጥቅምት የተለየ ነገር ያልነበረባቸው ወራት ናቸው። በነሐሴ ግን 16 ሰዓት የቀን ትርፍ ሰዓት ሠርታለች፤ በመስከረም ደግሞ ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስዳለች።

ለግብሩ የሚያገለግለው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለው የመቀጠሪያ ገቢ ግብር ሠንጠረዥ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በመሆኑ አራቱም ወራት በአንድ ሠንጠረዥ ሥር ይወድቃሉ። በዚህ ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። መቶኛው የሚያርፈው በየእርከኑ ውስጥ በሚወድቀው ብር ላይ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ሒሳቡ የሚቀለው ጠቅላላውን ገቢ በደረሰበት ከፍተኛ መቶኛ አባዝቶ የተወሰነ ብር በመቀነስ ነው። ተቀናሾቹም በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ናቸው። ኤክሴል ለሚጠቀም ሰው፣ የወሩ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በሕዋስ A2 ከገባ የሚከተለው ቀመር የወሩን ግብር ያወጣል፤

```
=MAX(0, A2*15%-300, A2*20%-500, A2*25%-850, A2*30%-1350, A2*35%-2050)
```

ከአምስቱ ስሌቶች ትልቁን መውሰድ ሁልጊዜ ትክክለኛውን እርከን ይሰጣል፤ ስለዚህ ገቢው የቱ ጋ እንደሚወድቅ በእጅ መፈለግ አያስፈልግም።

ከሐምሌ እንጀምር። በሐምሌ የተከፈለው 8,400 ብር ነበር፤ ግብሩ 8,400 በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ሲቀነስለት 1,250 ብር ይሆናል። የሠራተኛዋ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ስለሆነ 588 ብር ተቆርጧል። በእጇ የገባው 6,562 ብር ነው። መከፈል የነበረበት 10,500 ብር ሲሆን ግብሩ በ30 በመቶው እርከን 1,800 ብር፣ ጡረታው 735 ብር፣ የተጣራው 7,965 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ግብሩ የተሰላው ጡረታው ሳይቀነስ በጥቅል ደመወዙ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በኢትዮጵያ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይነሣም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ የሐምሌ ውዝፍ በጥቅል 2,100 ብር ነው። ከዚህ ላይ 550 ብር ግብርና 147 ብር ጡረታ ተነሥቶ 1,403 ብር ይቀራል።

ነሐሴ ላይ ነገሩ ይሰፋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ ስለሆነ ደመወዙ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያድግ በዚያ ጊዜ የተሠራው ትርፍ ሰዓትም ዋጋው ያድጋል። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ትርፍ ሰዓትን በ1.5፣ የሌሊቱን በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራውን በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራውን በ2.5 ያባዛል። የሰዓቱን ደመወዝ ለማግኘት የብዙ ድርጅቶች ልማድ የወሩን ደመወዝ ለ208 ሰዓት ማካፈል ነው፤ ይኸውም በወር 26 የሥራ ቀን በቀን 8 ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ነው። በአሮጌው ደመወዝ አንዱ ሰዓት 40 ብር ከ38 ሳንቲም፣ በአዲሱ 50 ብር ከ48 ሳንቲም ይመጣል። ለ16ቱ ሰዓት ያኔ የተከፈለው 969.23 ብር ነበር፤ መከፈል የነበረበት 1,211.54 ብር ነው። ስለዚህ ከደመወዙ 2,100 ብር በተጨማሪ የ242.31 ብር የትርፍ ሰዓት ልዩነት አለ።

የነሐሴ ግብርም በዚሁ መጠን ይለወጣል። ያኔ ግብር የተከፈለበት ገቢ 9,369.23 ብር፣ ግብሩም 1,492.31 ብር ነበር። አሁን ገቢው 11,711.54፣ ግብሩ 2,163.46 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 671.15 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ እንጂ በትርፍ ሰዓት ላይ ስላልሆነ ልዩነቱ እንደ ሐምሌው 147 ብር ነው። የነሐሴ ጥቅል ውዝፍ 2,342.31 ብር ሲሆን የተጣራው 1,524.16 ብር ይመጣል።

መስከረም ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ያለ ክፍያ የወጣችባቸው ሦስት ቀናት ያኔ የተቆረጡት በአሮጌው የቀን ደመወዝ ነው። ድርጅቱ የወር ደመወዝን ለ30 የሚያካፍል ከሆነ ቀኑ 280 ብር ነበር፤ ሦስቱ ቀን 840 ብር አስቆርጠው 7,560 ብር ተከፍሏታል። በአዲሱ ደመወዝ ቀኑ 350 ብር ስለሚሆን የሚቆረጠው 1,050፣ የሚከፈለው 9,450 ብር ይሆናል። የወሩ ጥቅል ውዝፍ 1,890 ብር ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ይህን ስታይ የተበደለች ሊመስላት ይችላል፤ ነገር ግን ያልሠራችባቸው ቀናት ጭማሪም ስለማያስገኙ ቅናሹ ትክክል ነው። ገቢዋ በአዲሱም ደመወዝ ከ10,000 ብር ስላላለፈ ግብሩ በ25 በመቶው እርከን ቀርቶ ከ1,040 ወደ 1,512.50 ብር ብቻ ከፍ ይላል። በተከፈለው ደመወዝ መጠን የሚታሰበው ጡረታ በ132.30 ብር ያድጋል። የተጣራው 1,285.20 ብር ነው። ጥቅምት ከሐምሌ ጋር አንድ ስለሆነ 1,403 ብር ይሆናል።

አራቱ ወራት ሲደመሩ ጥቅሉ ውዝፍ 8,432.31 ብር፣ ግብሩ 2,243.65 ብር፣ የሠራተኛዋ ጡረታ 573.30 ብር፣ በእጇ የሚገባው 5,615.36 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ የራሱን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይጨምራል። የመሠረታዊ ደመወዙ ልዩነት በአራቱ ወራት 8,190 ብር ስለሆነ የአሠሪው ድርሻ 900.90 ብር ይደርሳል። ለውዝፉ በጀት የሚይዝ የፋይናንስ ክፍል ይህን ካልቆጠረ በክፍያው ቀን ገንዘብ ይጎድለዋል።

ሠራተኛውን ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ስሕተት የሚፈጠረው ይህን ሁሉ ትቶ ውዝፉን በአንድ ጊዜ በከፋዩ ወር ላይ በመደረብ ነው። የደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌሩ 8,432.31 ብሩን እንደ ኅዳር ወር ተጨማሪ ገቢ አድርጎ ከወሰደው፣ የኅዳር ገቢዋ በአንድ ጊዜ 18,932.31 ብር ሆኖ ይታያል። በዚህ ገቢ ላይ ግብሩ 4,576.31 ብር ነው። የኅዳር መደበኛ ግብሯ 1,800 ብር ሲነሣለት ለውዝፉ ብቻ 2,776.31 ብር ተቆረጠ ማለት ነው። በየወሩ ቢሠራ ከሚሆነው ጋር ሲነጻጸር 532.66 ብር ይበልጣል።

ይህ የሆነበት ምክንያት የመቀጠሪያ ገቢ ግብር የሚሰላው በወር በወሩ ገቢ ላይ በመሆኑና መቶኛው ከገቢው ጋር ስለሚያድግ ነው። የአራት ወር ልዩነት በአንድ ወር ላይ ሲከመር፣ በራሱ ወር ቢሆን በ25 ወይም በ30 በመቶ የሚያልፈው ብር ወደ 35 በመቶው እርከን ይገፋል። ጉዳቱ የሚከብደው ደግሞ በመካከለኛና በዝቅተኛ ደመወዝተኛው ላይ ነው። ደመወዙ ድሮም ከ14,000 ብር በላይ የነበረ ሰው ያኔም አሁንም ጭማሪው በ35 በመቶ ስለሚነካ የአሠራሩ ልዩነት አይታወቀውም። ወሯ 4,000 ብር ያልሞላ ሠራተኛ ግን ጭማሪዋ በራሱ ወር 15 በመቶ ሊከፍል ሲገባው በአንድ ላይ ሲደረብ ወደ 20ና ወደ 25 በመቶ ይወጣል። ውዝፍ ለመክፈል የሚዘጋጅ ድርጅት ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ ግብሩ እንዲሰላ፣ የማስታወቂያ ቅጹም በምን መልክ እንደሚቀርብ አስቀድሞ ከሚመለከተው የግብር ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ቢነጋገር፣ ከተከፈለ በኋላ ተመላሽ ከመጠየቅ ብዙ ድካም ያድናል።

ጡረታውም በየወሩ ተከፋፍሎ መመዝገብ አለበት። ገንዘቡ መተላለፉ ብቻ አይበቃም። የጡረታ አበል የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ ለሐምሌ የተመዘገበው 8,400 ሆኖ ከቀረ ሠራተኛዋ በሐምሌ የነበራት እውነተኛ ደመወዝ በመዝገቡ ላይ አይገኝም። ለመውጫ ጥቂት ዓመት ለቀረው ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከደመወዝ በመቶኛ የሚቆረጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ፤ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ክፍያ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ ቀለብ። እነዚህም ከውዝፉ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በቁርጥ ብር የሚከፈል የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተቀናሽ ግን ሠራተኛው ካልፈቀደ በስተቀር ከውዝፉ ላይ ሁለተኛ ሊቆረጥ አይገባም፤ የወሩ ክፍያ በወሩ አልፏልና።

ጭማሪው ከመፈረሙ በፊት ሥራ የለቀቁ ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያከራክራል። እዚህም የመጀመሪያው መልስ የሰነዱ ቃል ነው። አንዳንድ ስምምነቶች ጭማሪውን በፊርማው ቀን ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞች ብቻ ይወስኑታል፤ ሌሎቹ በተጸናበት ቀን ለነበሩ ሁሉ ይሰጣሉ። በሁለተኛው መልክ ከሆነ ለምሳሌ በጥቅምት የለቀቀ ሰው የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ልዩነት፣ የጥቅምትም የሠራባቸው ቀናት ይታሰቡለታል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚገባው ከሆነ እሱም ይለወጣል፤ ምክንያቱም የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት በነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦለት ከነበረም በአዲሱ ደመወዝ እንደገና ይታያል።

ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ ሠራተኛው ከደመወዝ መግለጫው ላይ ትክክለኛነቱን በአጭሩ መመርመር ይችላል። መጀመሪያ ጥቅሉን ውዝፍ ለወር ልዩነቱ ማካፈል ነው። በምሳሌው 8,432.31 ለ2,100 ሲካፈል ከ4 ጥቂት ይበልጣል፤ የትርፍ ሰዓቱና የፈቃዱ ልዩነት ተቻችሎ እዚያ አድርሶታል። ትርፍ ሰዓት የሠራና ያልቀረ ሰው መልሱ ልክ 4 ቢመጣለት የትርፍ ሰዓቱ ልዩነት ተረስቷል ማለት ነው። ቀጥሎ በውዝፉ ላይ የተቆረጠውን ግብር ለጥቅሉ ውዝፍ ማካፈል ነው። በየወሩ በተሠራው ሒሳብ ከእያንዳንዱ መቶ ብር ውዝፍ 26 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ለግብር ሄዷል፤ በአንድ ላይ በተደረበው ወደ 33 ብር ይጠጋል። በየትኛውም ወር ገቢው ከጭማሪው ጋር 14,000 ብር ያልደረሰ ሠራተኛ ከውዝፉ አንድም ብር በ35 በመቶ ሊነካበት አይገባም። የግብሩ ድርሻ ከ30 በመቶ ካለፈ ውዝፉ በአንድ ወር ላይ ተደርቧል ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በመጨረሻ ጡረታው ይታያል። 573.30 ብር መሆን ሲገባው 590.26 ብር ከተቆረጠ ትርፍ ሰዓቱም በጡረታ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል።

ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ያለፉት ወራት የደመወዝ መግለጫ ነው። መግለጫ የማይሰጥ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው በባንክ የገባለትን የተጣራ ደመወዝ ይዞ ወደ ኋላ መሥራት ይችላል፤ 6,562 ብር የተጣራ ደመወዝ ሌላ ተቀናሽ ከሌለበት ከ8,400 ብር ጥቅል ደመወዝ በቀር ከሌላ አይመጣም። ከድርጅቱ የሚጠየቀው ደግሞ የውዝፉ ጠቅላላ ድምር ሳይሆን ዝርዝሩ ነው፤ በየወሩ የተከፈለው፣ መከፈል የነበረበት፣ ልዩነቱ፣ ግብሩና ጡረታው በአንድ ገጽ ተሠርቶ። አራት ረድፍ ያለው እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከብዙ ሰዓት ጭቅጭቅ ይልቅ ነገሩን ያጠራዋል።

ውዝፉ ካልተከፈለ ጊዜ ይሮጣል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የወር ደመወዝ በየወሩ የሚጠየቅ መብት ስለሆነ ይርጋው ለእያንዳንዱ ወር ለየብቻው ሊቆጠር ይችላል። የሐምሌ ልዩነት መከፈል የነበረበት ሐምሌ መጨረሻ ነው ከተባለ ስድስቱ ወር በጥር መጨረሻ ይሞላል፤ የነሐሴው በየካቲት፣ እንዲህ እያለ በተራ ይሄዳል። ስምምነቱ ኅዳር ላይ ስለተፈረመ መቁጠሪያው ከኅዳር ይጀምራል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ገንዘቡን ለክርክር ማጋለጥ የማይፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ወር ቢቆጥር ይጠነቀቃል።

ይርጋውን የሚያቋርጠው ጉዳዩን የሥራ ክርክርን ለማየት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። የሥራ አስኪያጅ የቃል ተስፋ ወይም በስብሰባ ላይ «በሚቀጥለው ወር ይከፈላል» መባሉ ቆጠራውን አያስቆምም። ስለዚህ ውዝፉ የዘገየበት ሠራተኛ ጥያቄውን ወራቱንና መጠኑን ጠቅሶ በጽሑፍ ያቅርብ፣ በግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስደርግ፣ ከድርጅቱም ዕዳውን የሚያምን የተፈረመ መልስ ይጠይቅ። መልሱ ካልመጣ የመጀመሪያው ወር ስድስት ወር ሳይሞላው ለፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ያመልክት፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ሠራተኛው የዳኝነት አይከፍልም።